ጥቆማ፦ ጅማ ውስጥ ሮዝ ፀጉር እንዲቆይ ምን ልጠቀም? የትስ ልሂድ?

ሮዝ_ዘጅማ፦ ሰላም የጅማ ልጆች። ከሦስት ሳምንት በፊት ፀጉሬን ብሊች አስደርጌ ደማቅ ሮዝ ተቀባሁ። በጣም ነው የወደድኩት። አሁን ግን ጫፉ የበሰለ ኮክ መስሏል። ወደ ራሴ የቀረበው ብቻ ሮዝ ነው። በሳምንት ሦስቴ በሙቅ ውሃ እታጠባለሁ። ሻምፖዬን የገዛሁት ከመርካቶ ነው። ቀለም የሚያቆይ ሻምፖ ወይ ጎበዝ ፀጉር ቤት ጠቁሙኝ። የእህቴ ሰርግ አምስት ሳምንት ቀርቶታል።

ማሚ_አጂፕ፦ አጂፕ ያለችው የኔዋ ጋ ሂጂ። ስምንት ዓመት ሙሉ ከሷ ወጥቼ አላውቅም። እጇ ወርቅ ነው።

የቆጪዋ፦ ሮዝ ቀብታሽ ታውቃለች?

ማሚ_አጂፕ፦ እኔ ጥቁር ነው የምቀባው። ጎበዝ ናት አልኩ እኮ!

ቅቤ_ይሻላል፦ ሻምፖውን ተዪውና ለጋ ቅቤ ተቀቢ። ብሊች ያደረቀውን ፀጉር ከቅቤ በላይ የሚያለሰልስ የለም። ቀለሙንም ይይዝልሻል።

ዝናብ_ወዳጅ፦ ብሊች የሚባል ነገር አትንኩ! አምና እዚሁ ከተማ አንድ ፀጉር ቤት ብሊቹን ቀብተው ካስክ ውስጥ አስቀመጡኝ። አቃጠለኝ ስላቸው «ቻይው፣ እየያዘ ነው» አሉኝ። ማታ የራስ ቆዳዬ ውሃ ቋጠረ። ፀጉሬ ሲረጥብ እንደ ላስቲክ ይለጠጥና ይበጠሳል። አሁንም መሃሉ አጭር ነው።

የቆጪዋ፦ ውይ እህቴ! የት ነው? ስሙን ንገሪን።

ዝናብ_ወዳጅ፦ ስም አልጠራም። ግን ካቃጠላችሁ ወዲያው አስታጥባችሁ ተነሱ።

አቤል_ሂ፦ የእናቴ ሽበት ሂና አልይዝ አለ። ምን ይሻላል?

የቆጪዋ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄውን አንብበኸዋል?

ሹሩባና_ቀለም፦ አሥራ አንድ ዓመት ፀጉር ሠርቻለሁ፤ አሁን ቤቴ ነው የምሠራው። ዝናብ ወዳጅ፣ እንደ ላስቲክ የተለጠጠ ፀጉር በብሊች የተጎዳ ነው። ድጋሚ ብሊች አይነካውም፤ ቀስ በቀስ እየተቆረጠ ነው የሚያልቀው።

ሮዝ፣ ሮዝ ሰማያዊ አረንጓዴ የምንላቸው ቀለሞች አብዛኞቹ ሳይቀላቀሉ እንዳሉ የሚቀቡ ናቸው። እንደ ጥቁሩ ቀለም ፀጉር ውስጥ ገብተው አይተሳሰሩም፤ በየታጠብሽው ቁጥር ይወጣሉ። ብሊች የበዛበት ፀጉር ደግሞ ቶሎ ይጠጣል፣ ቶሎ ይለቃል። ጫፍሽ የቀደመው ለዚህ ይመስለኛል። ሮዙ ሲሄድ ከሥሩ ያለው ቢጫ ይወጣና ኮክ ይመስላል። ጫፉ ሁለቴ ብሊች ተደርጓል?

ከፀጉር ቤት በፊት አስተጣጠብሽን ቀይሪ። በሳምንት አንዴ ይበቃል፣ ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። ከሻምፖው ጀርባ ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት ከሚለው ራቂ። ቅቤው ያለሰልሳል፣ እሱ እውነት ነው። ግን ቅቤ ለማስለቀቅ ሁለት ሦስት ጊዜ በጠንካራ ሻምፖ ታሺዋለሽ፤ ቀለሙ አብሮ ይሄዳል።

ቅቤ_ይሻላል፦ እኔ ለብ ባለ ውሃ ብቻ ነው የማስለቅቀው።

ሹሩባና_ቀለም፦ ፀጉርሽ ቀለም አለው?

ቅቤ_ይሻላል፦ የለውም።

ሮዝ_ዘጅማ፦ የጠፋውስ እንዴት ይመለሳል? ድጋሚ ብሊች ይደረጋል?

ሹሩባና_ቀለም፦ በፍጹም! ነጭ ኮንዲሽነር ግዢ። ሦስት ማንኪያ ኮንዲሽነር ላይ ያንኑ ሮዝ ቀለም አንድ ማንኪያ ቀላቅዪ። ጓንት አድርጊ። ከታጠብሽና በፎጣ ካደረቅሽ በኋላ ጫፉን አስቀድመሽ ቀቢ። አሥራ አምስት ደቂቃ ቆይተሽ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቂ። በየሳምንቱ ይህን ካደረግሽ የሚሄደውን ትተኪያለሽ። ፔስትራም ቀንሺ፤ ከሙቀቱ ሮዝ ቶሎ ይገረጣል።

ሰማያዊት፦ የኔ ሰማያዊ አረንጓዴ እየሆነ ነው። እኔስ?

ሹሩባና_ቀለም፦ ያንቺም ቢጫው ነው፤ በላዩ ሰማያዊው ሲሳሳ አረንጓዴ ይሆናል። ኮንዲሽነርሽ ውስጥ ከሰማያዊው ጋር ጥቂት ወይን ጠጅ ቀለም ጨምሪ። መጀመሪያ ከጀርባ በኩል አንድ ዘለላ ላይ ሞክሪ።

የቆጪዋ፦ ሮዝዬ፣ ሰርጉ ላይ ነጭ ነው የምትለብሺው? የጅማን ዝናብ ታውቂዋለሽ። ያጎቴ ልጅ በዋዜማው ቀይ ተቀብታ ነጠላዋ አንገቱ ላይ ቀይ ሆነ። ትራሷም አልተረፈም።

ሹሩባና_ቀለም፦ ልክ ነሽ። ከሰርጉ አምስት ቀን በፊት ቀቢና መሃል ላይ አንዴ ታጠቢ። ያለቀለቅሽበት ውሃ ንጹህ እስኪሆን ድረስ ነጭ አትልበሺ።

ማሚ_አጂፕ፦ ይህን ሁሉ ከምትለፊ የኔዋ ጋ ሂጂ። ደውዬ ልነግርልሽ እችላለሁ።

ሮዝ_ዘጅማ፦ ዛሬ ስታጠብ አረፋውን አየሁት፣ ሮዝ ነው። ቀለሙ የሚሄደው እዚያ ነበር ለካ። ጫፉ ሁለቴ ነው የተደረገው፣ መጀመሪያ ብርቱካናማ ስለሆነባቸው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማሚ፣ ስልኳን በውስጥ ላኪልኝ።

ሰማያዊት፦ ወይን ጠጅ ቀለም ጅማ ውስጥ የት ይገኛል?