የጤና መድን ሐሳባችን፦ ርካሹ ወይስ ሰፊው?

ሰላማዊት (ጸሐፊ)
ሰላም ቤተሰብ። ለልብስ ሰፊዎች ማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርበውን የጤና መድን ሐሳብ እዚሁ አብረን እንጻፈው። ሁለት መንገድ አለን። አንደኛው ሁላችንም በየወረዳችን የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆን ነው። መዋጮው ትንሽ ነው፣ ግን የመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ብቻ ነው። ሁለተኛው ከኢንሹራንስ ኩባንያ የመጣልን የቡድን መድን ነው። አረቦኑ በነፍስ ወከፍ በዓመት 9,000 ብር ነው። ተኝቶ ለመታከም እስከ 60,000፣ ለተመላላሽ እስከ 8,000 ብር ይሸፍናል። ከእያንዳንዱ ሂሳብ 20 በመቶውን ታካሚው ይከፍላል። የግል ሆስፒታሎች ዝርዝር ተያይዟል። ያላችሁን ጻፉ።

ሄኖክ
እኔ ያለጥርጥር ሁለተኛው ነው የምለው። ባለፈው ኅዳር ትርፍ አንጀቴ ሲነሳብኝ ሌሊት ስምንት ሰዓት አንድ የግል ሆስፒታል ገባን። ባለቤቴ የቅድሚያ ክፍያ እስክታሟላ ኮሪደር ላይ ተኝቼ ጠበቅኩ። ከሦስት ዘመድ ተበድራ ነው ያሟላችው። ያንን ቀን ድጋሚ ማየት አልፈልግም። እናቴንም አስገባለሁ፣ 67 ዓመቷ ነው።

ጋሽ በቀለ
ልጆች፣ ለምን እንቸኩላለን? መንግሥት የጤና መድንን ለሁሉም ግዴታ እያደረገው ነው። ከገቢ 3 በመቶ ይቆረጣል። ሁለት ጊዜ ከምንከፍል ያንን እንጠብቅ።

ሲስተር ገነት
ጋሽ በቀለ፣ 3 በመቶው እውነት ነው፣ ግን እኛን አይመለከትም። በ2002 የወጣው የማህበራዊ ጤና መድን አዋጅ ለደሞዝተኛና ለጡረተኛ ነው። አሠሪው የራሱን ድርሻ ይጨምራል። እኛ በራሳችን የምንሠራ ሰፊዎች ነን፣ ማን ይጨምርልናል? ለእኛ ዓይነቱ የተዘጋጀው የማህበረሰብ አቀፉ ነው።

ሄኖክ፣ የእናትህን ነገር አሁኑኑ ልንገርህ። የኩባንያው ጽሑፍ ገጽ 4 ላይ የዕድሜ ጣሪያ 65 ይላል። ደግሞም የትዳር ጓደኛና ልጅ እንጂ ወላጅ አይቀበልም። በማህበረሰብ አቀፉ ግን አብራህ የምትኖር ከሆነ ተጨማሪ መዋጮ ከፍለህ በቤተሰብህ ሥር ልታስመዘግባት ትችላለህ።

ሄኖክ
ይሄን አላየሁም ነበር። አመሰግናለሁ ሲስተር።

እትዬ ዘነበች
እኔ ሆስፒታል ተኝቼ አላውቅም። የእኔ ጣጣ ስኳር ነው። መድኃኒቱ፣ የስኳር መለኪያዋ ስትሪፕ፣ ላብራቶሪው፣ በወር 1,500 ብር ይበላኛል። ተመላላሽ ይሸፍናል ስላላችሁ ደስ ብሎኛል፣ ሁለተኛው ይሁንልኝ።

ሲስተር ገነት
እትዬ፣ አብረን እናስላው። አስቀድሞ የነበረ ሕመም ላይ ኩባንያው አንድ ዓመት የመጠበቂያ ጊዜ አለው፤ ለጊዜው ያ ባይኖር ብለን እንነሳ። ከ1,500ው ላይ 300 እርስዎ፣ 1,200 ኩባንያው ይከፍላል። የተመላላሹ ጣሪያ 8,000 ስለሆነ በሰባተኛው ወር ላይ ያልቃል። የዓመቱ ወጪዎ 18,000 ነው። 8,000ው ሲቀነስ 10,000 ከኪስዎ ይወጣል። በላዩ 9,000 አረቦን አለ። ድምሩ 19,000 ነው። መድን ባይገቡ 18,000 ነበር። አንድ ሺህ ብር አትርፎብዎት ይሄዳል።

አሁን የሄኖክን ዓይነት እንይ። የቀዶ ጥገና ሂሳብ 70,000 መጣ እንበል። ኩባንያው 80 በመቶውን፣ 56,000 ይከፍላል፣ ከጣሪያው በታች ነው። ለታካሚው 14,000 ይቀራል፣ ከአረቦኑ ጋር 23,000። እዚህ ላይ መድኑ በእርግጥ ሰው ያድናል። ስለዚህ ሰፊ ያልነው መድን የሚጠቅመው አልጋ ለሚይዝ ሰው ነው። በየወሩ መድኃኒት ለሚገዛ ሰው አይደለም።

እትዬ ዘነበች
እኔን የሚጠቅመኝ የቱ ነው ታዲያ?

ሲስተር ገነት
የማህበረሰብ አቀፉ። ጡረታ እስክወጣ ጤና ጣቢያ ነው የሠራሁት። የስኳርና የግፊት ክትትል የሚያደርጉ አባላት በየወሩ ደብተራቸውን ይዘው ይመጡ ነበር፣ የምርመራም የመድኃኒትም አይከፍሉም። ግን ሁለት ነገር ይወቁ። አንደኛ፣ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ነው የሚኬደው። ሪፈር ሳያጽፉ ዘውዲቱ ወይም ጥቁር አንበሳ ከሄዱ ግማሹን ከኪስዎ ይከፍላሉ። ድንገተኛ ሲሆን ይለያል። ሁለተኛ፣ መድኃኒት ያልቃል። ፋርማሲው ማዘዣው ላይ «የለም» ብሎ ማህተም ይመታበታል፣ ሰውየው ማዘዣውን አጥፎ ኪሱ ከትቶ ውጭ ሊገዛ ይሄዳል። ስንቱን እናት እንደዚያ ስትወጣ አይቻለሁ። መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ቋሚ የኩላሊት እጥበትም አይሸፈኑም።

ሰላማዊት (ጸሐፊ)
መነጽሩ እኛን ይነካናል። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ልብስ ሰፊ መርፌ ዓይን ውስጥ ክር የሚያስገባው በመነጽር ነው።

ሲስተር ገነት
ለዚያ የራሳችን ትንሽ ሣጥን ይኑረን ባይ ነኝ። 42 ነን። በወር 200 ብር ብናዋጣ 8,400 ይሆናል፣ በዓመት 100,800። «የለም» የተባለበትን ማዘዣና የውጭውን ደረሰኝ ላመጣ አባል ሣጥኑ ይመልስለት። መነጽርም ከዚያ።

ጋሽ በቀለ
ማንም ደረሰኝ ቢያመጣስ? የዛሬ ስንት ዓመት የዕድራችን ሣጥን እንዲህ ነው የተራቆተው።

ሲስተር ገነት
ልክ ነው ጋሼ። ለአንድ ቤተሰብ የዓመት ጣሪያ ይቀመጥ። ማህተም ከሌለው አይከፈል።

ሄኖክ
እሺ፣ ግን እኔን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ የሚደርስልኝ የትኛው ነው? ዛሬ ዝርዝሩን ይዤ ለኩባንያው ደወልኩ። 31 ሆስፒታሎች አሉ። በመታወቂያው ብቻ፣ ያለ ቅድሚያ ክፍያ የሚያክሙት 19 ናቸው። የቀሩት 12ቱ ጋ መጀመሪያ ከፍለህ፣ በኋላ ደረሰኝና የሐኪም ማስረጃ አስገብተህ ነው የሚመለስልህ። በእነዚያ 12ቱ የእኔ ሌሊት አትቀየርም።

ሰላማዊት (ጸሐፊ)
ጥሩ አድርገሃል። የተመላላሹ ክፍል ቀርቶ ተኝቶ መታከም ብቻ ቢሆን ስንት ያስከፍሉናል? ጠይቀሃል?

ሄኖክ
ጠየቅኩ። ይቀንሳል አሉ፣ ቁጥሩን በጽሑፍ እንልካለን ብለዋል። ግን ከአባላቱ ቢያንስ ሦስት አራተኛው መግባት አለበት አሉ፣ ማለትም 32 ሰው። የሚታመመው ብቻ ከገባ በሚቀጥለው ዓመት አረቦኑን ከፍ እናደርጋለን አሉ።

ሲስተር ገነት
ያሉት እውነት ነው። በዓመቱ መጨረሻ የከፈሉትንና የሰበሰቡትን ያስተያያሉ። ጤነኛው ከቀረ የታመመው ብቻውን ይሸከመዋል።

ፉአድ
ይቅርታ፣ እኔ ዘግይቼ ነው ያነበብኩት። የማህበረሰብ አቀፉ ላይ አንድ ነገር ረሳችሁ። ወረዳ ሄጄ ነበር፣ የነዋሪነት መታወቂያ አምጣ አሉኝ። የምኖረው ተከራይቼ ነው። መታወቂያዬ የደሴ ነው፣ መልቀቂያ አላመጣሁም። እንደኔ ያለን ስድስት ልጆች ነን። ማህበሩ በስሙ በጅምላ ሊያስመዘግበን አይችልም?

ሲስተር ገነት
አይችልም ፉአዴ። ምዝገባው በቤተሰብ፣ በሚኖሩበት ወረዳ ነው። መልቀቂያውን ማስመጣት ግድ ነው። የወረዳውን የምዝገባ ጊዜ ጠይቅ፣ ካለፈህ የሚቀጥለውን ዓመት ትጠብቃለህ።

ሰላማዊት (ጸሐፊ)
እስካሁን የተስማማንበትን ጻፍኩት፣ የማትስማሙ አሁኑኑ ተናገሩ፦

«ማንኛውም አባል ቤተሰቡን ይዞ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ይሆናል። በወር 200 ብር የሚዋጣበት ሣጥን ይቋቋማል፤ የሚከፍለው በመንግሥት ፋርማሲ ላልተገኘ መድኃኒትና ለመነጽር ነው። ለኩባንያው ተኝቶ መታከምን ብቻ የሚሸፍን አዲስ ዋጋ ይጠየቃል፤ ጉባኤው የሚወስነው ዋጋውን አይቶ ነው።»

ጋሽ በቀለ
200 ለእኔ ይከብዳል፣ ሥራ በጾም ወራት ቀዝቃዛ ነው። 100 ይሁን።

እትዬ ዘነበች
እኔ 200ውን እከፍላለሁ። ነገ ጠዋት ወረዳ እሄዳለሁ፣ የሚመጣ ካለ በሁለት ሰዓት በር ላይ ነኝ።

ሰላማዊት (ጸሐፊ)
የመዋጮው መጠን ክፍት ይቆይ። የወረዳ መታወቂያ የሌላቸው የስድስቱ ልጆች ጉዳይም ገና ነው። ፉአድ፣ የስድስታችሁን ስምና መታወቂያችሁ ያለበትን ከተማ ላክልኝ፣ ለእያንዳንዱ የማህበሩን ደብዳቤ እጽፋለሁ።