ሁለት ጊዜ የተገኘው 2 አንድ ቬክተር ብቻ ሰጠኝ፤ P አይገለበጥም

ጠያቂ፣ ከማራኪ፦ ነገ ጠዋት የማስረክበው ሥራ ስለሆነ እባካችሁ ፈጥናችሁ እርዱኝ። ይህን ማትሪክስ ዲያጎናላይዝ አድርጌ A^10ን እንዳሰላ ታዝዣለሁ።

```
 3  1  1
-1  1  2
 0  0  5
```

አይገን ቫልዩዎቹ 2፣ 2 እና 5 ናቸው። ለ2 (1, -1, 0)ን እና (2, -2, 0)ን፣ ለ5 ደግሞ (2, 1, 3)ን ወስጄ P ሠራሁ፤ ዲተርሚናንቱ ግን 0 ሆነ። ስህተቱ የት ነው?

ከአዘዞ፦ ወንድሜ፣ ስሌቱን ከመጀመሪያው ይከልሱት። በአብዛኛው የምልክት ስህተት ነው፤ በተለይ በሁለተኛው ረድፍ ያለው -1 ያሳስታል።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦ ስሌቱ ትክክል ይመስለኛል። አይገን ቫልዩ ሲደገም ማትሪክሱ ዲያጎናላይዝ አይሆንም፤ ስለዚህ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው።

የሒሳብ መምህር፣ ፒያሳ፦ ልጄ፣ አይገን ቫልዩዎችህ ትክክል ናቸው፤ ነገር ግን (2, -2, 0) የ(1, -1, 0) እጥፍ ስለሆነ አዲስ ቬክተር አይደለም። ፖሊኖሚያሉ (λ-2)²(λ-5) በመሆኑ የ2 አልጀብራዊ መልቲፕሊሲቲ 2 ነው። ጂኦሜትሪያዊው ግን የሚነበበው ከፖሊኖሚያሉ ሳይሆን ከ A-2I ነው።

```
 1  1  1
-1 -1  2
 0  0  3
```

የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ረድፍ ብትደምር (0, 0, 3) ታገኛለህ፤ ይህም ሦስተኛው ረድፍ ራሱ ነው። ስለዚህ ራንኩ 2 ነው፤ ከ3 ሲቀነስ 1 ይቀራል። z=0 እና x=-y ስለሚሆን፣ ሁሉም መፍትሔዎች በ(1, -1, 0) መስመር ላይ ብቻ ይገኛሉ። ሁለተኛ ነጻ ቬክተር የታጣው አንተ ሳትፈልገው ቀርተህ ሳይሆን ስለሌለ ነው።

የሦስተኛ ዓመቱ ተማሪ ስለዚህ ማትሪክስ የደረሰበት ድምዳሜ ልክ ነው፤ የሰጠው ምክንያት ግን አይበቃም። የሚከተለውን ተመልከት።

```
2  0  1
0  2  2
0  0  5
```

የዚህም ፖሊኖሚያል (λ-2)²(λ-5) ነው፤ ነገር ግን 2I ሲቀነስለት የሚቀሩት ረድፎች ሁሉ የ(0, 0, 1) ብዜቶች ስለሆኑ ራንኩ 1 ነው፤ ለ2ም ሁለት ነጻ ቬክተሮች አሉት። ዲያጎናላይዝ ይሆናል ማለት ነው። በአንድ ፖሊኖሚያል ሁለት የተለያየ ውጤት ተገኘ፤ ስለዚህ መደጋገሙ ብቻውን አይፈርድም፤ መታየት ያለበት በእያንዳንዱ አይገን ቫልዩ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል መሆናቸው ነው። ጂኦሜትሪያዊው ከ1 አያንስም፣ ከአልጀብራዊውም አይበልጥም፤ ስለዚህ እንደ 5 አንድ ጊዜ ብቻ ለሚመጣው መጨነቅ አያስፈልግም።

ከአዘዞ፦ እኔ አሁንም ዲተርሚናንቱ እንደገና ቢሰላ እመርጣለሁ።

ፕሮግራም የምጽፍ ሰው፦ እኔም ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር ገጥሞኝ ነበር። ኮምፒውተሩ ሦስት ዓምድ ያለው P ስለሰጠኝ ማትሪክሱ ዲያጎናላይዝ ይሆናል ብዬ አመንኩ። numpy ግን ነጻ ቬክተሮች መኖራቸውን አያጣራም፤ ሁልጊዜ ሦስት ዓምድ ይመልሳል። import numpy as np ካሉ በኋላ እነዚህን ሁለት መስመሮች ያስኬዱ፤ መልሱ 2 ይሆናል።

```
M = np.array([[3,1,1],[-1,1,2],[0,0,5]])
np.linalg.matrix_rank(M - 2*np.eye(3))
```

ጠያቂ፦ መምህር፣ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ሁለተኛው ቬክተር ከሌለ ፖሊኖሚያሉ 2ን ለምን ሁለት ጊዜ ይቆጥረዋል? A^10ንስ በምን ላስላው?

የሒሳብ መምህር፣ ፒያሳ፦ ጥሩ ጠየቅህ። w = (1, 0, 0)ን ውሰድ። A-2I ሲበዛበት 0 አይሆንም፤ (1, -1, 0)ን ይሰጣል። ያንኑ አንድ ጊዜ ደግመህ ብታበዛው ግን 0 ይሆናል። ፖሊኖሚያሉ የሚቆጥረው በተደጋጋሚ ማባዛት የሚጠፉትን ሁሉ ነው፤ ጂኦሜትሪያዊው የሚቆጥረው በመጀመሪያው ማባዛት የሚጠፉትን ብቻ ነው። ስለዚህ በP ውስጥ ከ(1, -1, 0) ቀጥሎ (2, -2, 0)ን አውጥተህ wን አስገባ፤ ዲተርሚናንቱ 3 ይሆናል። P⁻¹AP ግን ዲያጎናል አይሆንም፤ ከሁለቱ 2ዎች በላይኛው አጠገብ 1 ይቀመጣል። ወደ 10ኛ ኃይል ስታነሣው በዲያጎናሉ ላይ 1024፣ 1024 እና 9765625 ይመጣሉ፤ በ1ዱ ቦታ ደግሞ 10×2⁹ = 5120 ይገባል። የቀረው በPና በP⁻¹ ማባዛት ነው።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦ ስለ ምክንያቱ ተቀብያለሁ። ሆኖም ጥያቄው «ዲያጎናላይዝ አድርገህ» ስለሚል፣ በዚህ መንገድ የተሠራ መልስ ይያዝለት እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። «አይቻልም» ብሎ ምክንያቱን በግልጽ መጻፍ ይቀድማል።

የሒሳብ መምህር፣ ፒያሳ፦ ሁለቱንም ይጻፍ፤ በመጀመሪያ 3-2=1 የሚለውን፣ ከዚያ በኋላ ስሌቱን።