«ይምጡ» ሲባል ማን ይምጣ? ታካሚን ሁሉ እርስዎ ስለማለት

ጠያቂዋ (ደሴ፣ ሸዋ በር)፦
«የምሠራው ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው። ከዚህ ወር ጀምሮ ልጅም ሆነ ሽማግሌ፣ የመጣውን ሁሉ እርስዎ በሉ ተብለናል። የ18 ዓመት ልጅ እርስዎ ስላት ትሽኮረመማለች። ትእዛዙ ልክ ነው ትላላችሁ?»

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦
በጣም ልክ ነው። እኔ ፋብሪካ ነው የምሠራው። አንድ የ26 ዓመት አለቃ አለ። አባቱ የሚሆኑትን ጥበቃ «አንተ፣ ክፈት!» ይላቸዋል። ባለ መኪና እንግዳ ሲመጣ ግን እርስዎ ማለት አይጠፋውም። ጥበቃው አንድም ቀን መልስ ሰጥተው አያውቁም። በሩን ከፍተው እሱ እስኪያልፍ መሬት መሬት ያያሉ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ካልሆነ አክብሮቱ ኪስ እያየ ነው የሚሄደው።

እናት ከሆጤ፦
ጥፋቱ የኛ የወላጆች ነው። እናቴ አባታችንን እስኪሞቱ ድረስ አንቱ ነበር የሚሏቸው። የኔ ልጅ አባቱን አንተ ይለዋል፤ አባትየው ደግሞ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ዛሬም ጆሮዬ አልለመደውም።

ጠያቂዋ፦
እማማ፣ የቤቱን ሳይሆን የሥራ ቦታውን ነበር የጠየቅሁት። ግን ያሉት ገብቶኛል።

ጡረተኛ የአማርኛ መምህር (ደሴ)፦
ልጄ፣ እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ። አንዲት ወጣት የደም ምርመራ ታዝዞላት ከእናቷ ጋር መስኮቱ ላይ ቆማለች። ሠራተኛው «ነገ ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ ይምጡ» አላት። ልጅቷ በኖረችበት ሁሉ አንቺ ነው የምትባለው። ስለዚህ ይምጡ የተባሉት እናቷ መሰሏት። በማግስቱ እናት ጾማቸውን መጡ፣ ልጅቷ ቁርሷን በልታ መጣች። ደሟ ሳይወሰድ ተመለሰች።

ሠራተኛው ባለጌ አልነበረም። «ነይ» ቢላት ኖሮ ግን ማንም አይሳሳትም ነበር፤ «ነይ» አንዲት ሴት ፊት ለፊት ስትጠራ ብቻ ነው። «ይምጡ» ግን ለእርስዎም፣ ለእሳቸውም፣ ለእነሱም ያው ነው። አክብሮቱ ሲገባ ግሱ ማንን እንደሚያናግር መለየቱን ይተዋል። ወንድ ሴትም አይለይም።

የጦሳው፦
ጋሼ፣ ችግሩ እርስዎ የሚለው የአዲስ አበባ ቃል ስለሆነ ነው። የወሎ ሰው አንቱ ነው የሚለው። አንቱ እንበልና እንገላገል።

ጡረተኛው መምህር፦
አንቱ የኛው መሆኑ እውነት ነው፤ እኔም ጎረቤቶቼን አንቱ ነው የምለው። እርስዎ ግን የአዲስ አበባ ፈጠራ አይደለም። ከ«ርእስ» የመጣ ነው፤ ራስ እንደማለት። «ቤትዎ» ላይ ያለው «ዎ» ነው መጨረሻው ላይ ያለው። እርሱም እርሷም እርሳቸውም ከዚያው ናቸው። ደግሞ አንቱ ብትል ምን ይለወጣል? አንቱ ይምጡ፣ እርስዎ ይምጡ፤ ግሱ አንድ ነው። በዚያ ላይ ከሌላ አገር የመጣ ታካሚ አንቱ ሲባል አርጅተሃል የተባለ ሊመስለው ይችላል።

የቦርከና ልጅ፦
ታዲያ እርስዎ ማለት ይቅር ነው የሚሉት?

ጡረተኛው መምህር፦
አላልኩም። ግሱን ብቻውን አትልቀቁት ነው የምለው። «ዎ» ያለበት አንድ ስም ጨምሩበት። «ነገ ደምዎን እንወስዳለን፣ ሳይበሉ ይምጡ።» እናትየዋን ቢሆን «ደማቸውን» ነበር የሚባለው። ልዩነቱን ሕፃንም ይሰማዋል። በስልክ ደግሞ ዓይን ለዓይን አትተያዩም፤ ስሙን ጠርታችሁ ጀምሩ። የማታውቁት ሰው ደውሎ በድምፁ ወንድ ይሁን ሴት ካልለያችሁ ግን እርስዎን የሚያህል መሸሻ የለም።

ተማሪ ነኝ (ደሴ)፦
እኔ 19 ዓመቴ ነው። ካርድ ክፍል እርስዎ ብባል ደስ ይለኛል። ዶክተሩ ሲለኝ ግን ይጨንቀኛል። አንድ ጊዜ ማንም እንዲሰማብኝ የማልፈልገው ሕመም ይዞኝ ሄጄ «ምንዎን ያምዎታል?» ስባል ግማሹን ዋጥኩት። ሌላ ቀን ነርሷ «አብሽሪ እህቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ስትለኝ ሁሉን ነገርኳት። ፈጣሪን እንኳ ስንለምን አንተ ነው የምንለው።

የቦርከና ልጅ፦
እህቴ፣ አንቺን አንቺ ያለችሽ ነርስ ጥበቃውንም አንተ ብትላቸውስ? ማን ይቅረብ፣ ማን ይከበር የሚለውን ለሠራተኛው ከተውነው ወደዚያው አለቃ ነው የምንመለሰው።

ተማሪ ነኝ፦
እኔን ቢጠይቁኝ ምን አለበት? «አንቺ ልበልሽ?» ብሎ መጠየቅ።

እናት ከሆጤ፦
እኔን እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ልጅ ቢመጣ ተነስቼ ነው የምሄደው።

ጠያቂዋ፦
ጋሼ፣ «ደምዎን» የሚለውን ዛሬ ሞከርኩት፤ አባትና ልጅ አብረው መጥተው ማን እንደሚመረመር አልጠፋቸውም። ለወጣቶቹ ግን ትእዛዙን ልጠብቅ ወይስ እህቴ ልበል፣ ገና አልቆረጥኩም። ነገ ለኃላፊያችን የተማሪዋን ነገር እነግራታለሁ።