«ኪሳራው ለሁሉም እኩል ይከፋፈል» ብሎ ነገር

የወፍጮ ቤት ልጅ፦ የፋይናንስ ኃላፊያችን ዛሬ «ኪሳራው ለሁሉም ንብረት እኩል ይከፋፈል፤ አድልዎ አይኑር» ብለው ወሰኑ። የዱቄት ፋብሪካችን በመዝገብ 100 ሚሊዮን ብር ነው፤ ጉድዊል፣ ማለትም ፋብሪካው ሲገዛ ከንብረቶቹ ዋጋ በላይ የተከፈለው፣ 10፤ ሕንፃ 40፣ ማሽን 30፣ የጭነት መኪኖች 20። እየሠራ ወደፊት የሚያስገባው ገንዘብ በዛሬ ዋጋ ሲሰላ 72 ሚሊዮን ነው፤ እንዳለ ቢሸጥ ደግሞ ከወጪ በኋላ 65። እሳቸው ከ100 ወደ 72 የጎደለውን 28 ሚሊዮን ለአራት ከፍለው ከእያንዳንዱ ሰባት ሰባት ቀነሱ። እንዲህ ያለ አሠራር አለ ወይ?

አሮጌ ኦዲተር፦ የለም። ከ72 እና ከ65 ትልቁን መውሰዳቸው ልክ ነው፤ ስህተቱ የጀመረው «እኩል» ሲሉ ነው። መጀመሪያ የሚነካው ጉድዊል ነው፤ አሥሩም ሚሊዮን ይጠፋል። የሚከፋፈለው የተረፈው 18 ነው፤ እሱም በመዝገብ ዋጋቸው ልክ እንጂ በነፍስ ወከፍ አይደለም።

ሳባ ከሐዋሳ፦ እንግዲያው ቀላል ነው። 18 ለ90 ሲካፈል 20 በመቶ ይሆናል። ከሕንፃው 8፣ ከማሽኑ 6፣ ከመኪኖቹ 4 ቀንሰህ ዝጋው።

አሮጌ ኦዲተር፦ አትዝጋው። ሕንፃው ለብቻው ስንት ያወጣል?

የወፍጮ ቤት ልጅ፦ ገማቹ ከሽያጭ ወጪ በኋላ ሕንፃውን 38፣ መኪኖቹን 18 ሚሊዮን ብለው ጽፈዋል። ማሽኑ ግን ከመሠረቱ ተነቅሎ ቢሸጥ ከቁራጭ ብረት ዋጋ እምብዛም አያልፍም ብለዋል።

አሮጌ ኦዲተር፦ አየሽ ሳባ፣ በአንቺ ስሌት ሕንፃው 32 ሚሊዮን ተብሎ ይመዘገባል። ነገ ገዢ መጥቶ 38 የሚከፍልበትን ንብረት 32 ነው ብሎ መጻፍ ያልደረሰ ኪሳራ መፍጠር ነው። ስለዚህ ሕንፃው የሚሸከመው 2 ብቻ ነው፤ መኪኖቹም 2። የቀረው 14 ማሽኑ ላይ ያርፋልና ከ30 ወደ 16 ይወርዳል። ደምሩት፤ 38፣ 16 እና 18 በትክክል 72 ይሆናሉ።

ሳባ ከሐዋሳ፦ ታዲያ ይህ አድልዎ ካልሆነ ምንድን ነው? ስንዴውን ዱቄት የሚያደርገው ማሽኑ ነው። ግማሽ ያህሉን ዋጋ ያጣው እሱ፣ ቆሞ የሚያየው ሕንፃ ግን ከ40 ሁለት ብቻ!

አሮጌ ኦዲተር፦ እህቴ፣ ይህ የቅጣት ድልድል አይደለም። ሕንፃው ነገ መጋዘን መሆን ይችላል፤ መኪናው ሲሚንቶ ይጭናል። ማሽኑ ግን ዱቄት ከመፍጨት ሌላ መውጫ የለውም፤ ዱቄቱ ካላዋጣ ዋጋው አብሮ ይወድቃል።

ሌላ አንባቢ፦ ጥያቄ አለኝ፤ የእኛም መጋዘን ውስጥ ነቀዝ የበላው ዱቄት አለ። እሱንም ከዚሁ ኪሳራ ላይ እንደምረው?

አሮጌ ኦዲተር፦ አይደመርም ወንድሜ። የሸቀጥ ክምችት የራሱ ደንብ አለው፤ ይህን የንብረት ዋጋ መቀነስ የሚገዛው የሒሳብ ደረጃ፣ አይኤኤስ 36፣ አይነካውም።

የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ፦ እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። 28 ሚሊዮን ኪሳራ ከየት መጣ? ፋብሪካው በሚቀጥለው ዓመት አዲስ መፍጫ ሊተክል አቅዷል። ያን ጊዜ ምርቱ ያድጋል፤ 72 የተባለውም ከ100 ያልፋል። ዕቅዱን ለምን አታስገቡትም?

አሮጌ ኦዲተር፦ ለመፍጫው ገንዘብ ወጥቷል?

የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ፦ ቦርዱ አጽድቆታል።

አሮጌ ኦዲተር፦ ወጪ ካልወጣ የሚለካው ዛሬ ባለበት ሁኔታ ነው፤ ገና ያልተገዛ መፍጫ የሚያመጣው ገቢ አይቆጠርም። በወረቀት ላይ ባለ መፍጫ ኪሳራ መሸፈን ቢቻል ኖሮ ማንም ፋብሪካ ኪሳራ አይመዘግብም ነበር።

የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ፦ እናንተ ኦዲተሮች ፋብሪካ አቁማችሁ አታውቁም! ቦርድ ያጸደቀው ዕቅድ «ወረቀት» ይባላል?

ሳባ ከሐዋሳ፦ እዚህ ላይ እኔም ከአሮጌ ኦዲተር ጋር ነኝ። ይልቅ ልጁ አንድ ነገር ይንገረን፤ 72 ላይ ስትደርሱ ከዓመታዊው ገንዘብ ምን ምን ቀነሳችሁ?

የወፍጮ ቤት ልጅ፦ ስንዴ፣ ደመወዝ፣ መብራት፣ ነዳጅ፣ ጥገና፣ የባንክ ብድር ወለድ።

አሮጌ ኦዲተር፦ ወለድ? ወደ ዛሬ ዋጋ የመለሳችሁበት ምጣኔ እኮ የገንዘቡን ዋጋ ይዞታል። ሁለት ጊዜ ቀንሳችኋል! ሳባ ጥሩ አድርጋ ጠየቀች፤ እኔ ቁጥሩን እንዳለ ተቀብዬ ነበር። ወለዱ ከተቀናሾቹ ሲወጣ 72 ከፍ ይላል፤ ከማሽኑ የሚቀነሰው 14 ሚሊዮንም ያንሳል።

የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ፦ ኪሳራው በዝቷል ያልኩት ይህንኑ ነው!

አሮጌ ኦዲተር፦ እርስዎ ያሉት ስለ መፍጫው ነው፤ አሁንም አልቀበለውም።

የወፍጮ ቤት ልጅ፦ ኃላፊው ግን «ዘንድሮ እንዲህ ይመዝገብ፤ ከተሳሳትን በሚቀጥለው ዓመት እንመልሰዋለን» ብለዋል። ሰነዱ ሰኞ ይፈረማል።

አሮጌ ኦዲተር፦ የማሽኑ ሁኔታ ከተሻሻለ ሊመለስ ይችላል፤ ጉድዊል ግን አንዴ ከተቀነሰ አይመለስም። ወለዱን አውጥታችሁ ስታሰሉት ከ90 ካለፈ ከአሥሩ ሚሊዮን የሚተርፍ ጉድዊል አለ ማለት ነው። ከሰኞ በፊት ስሌቱን እንደገና ሥሩት።

የወፍጮ ቤት ልጅ፦ ፋይሉ ያለው እሳቸው ኮምፒውተር ላይ ነው። ነገ ጠዋት እጠይቃቸዋለሁ።