ሦስት ደረጃ ላለው አዳራሽ የትኛውን ራምፕና የትኛውን የድምፅ መሣሪያ ብንከራይ ይሻላል?

ጠያቂ፦ ከአንድ ወር በኋላ የአባቴን 80ኛ ዓመት ልደት 120 ያህል እንግዶች በተገኙበት ልናከብር አስበናል። ከእንግዶቹ አንዱ በኤሌክትሪክ ዊልቸር፣ ሁለቱ በእጅ በሚገፋ ዊልቸር ይመጣሉ፤ ምርኩዝ የሚይዙና ጆሯቸው የደከመ አረጋውያንም ብዙ ናቸው። የአዳራሹ ዋና በር ግን እያንዳንዳቸው 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ደረጃዎች አሉት። ታጣፊ የአሉሚኒየም ራምፕ ብከራይ ይሻላል ወይስ አናጺ ባሠራ? ስለ ድምፅ መሣሪያ ኪራይም የምታውቁትን ብትነግሩኝ አመሰግናለሁ።

መድረክ ሠሪ፦ ለ1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ለ45 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 5 ሜትር ከ40 የሆነ ራምፕ ይጠበቅብዎታል። አከራዮች በብዛት የሚያቀርቡት ታጣፊ ራምፕ 2 ሜትር ያህል ስለሆነ በእነዚህ ደረጃዎች ላይ ቢዘረጋ እጅግ ቀጥ ይላል፤ ዊልቸሩ ሲወጣ ወደ ኋላ ሊገለበጥ፣ ሲወርድ ደግሞ ከገፊው እጅ ሊያመልጥ ይችላል። የሚያዋጣዎት ቁመቱ የሚስተካከል እግርና የእጅ መደገፊያ ያለው፣ በክፍልፋይ የሚገጣጠም ራምፕ ነው። እሱን የሚያከራይ ካጡ ልምድ ያለው አናጺ በወፍራም ኮምፖልሳቶ ሊሠራልዎ ይችላል፤ ነገር ግን ስፋቱ ከ90 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ፣ ጎማ እንዳያመልጥ ግራና ቀኙ ከፍ ያለ ጠርዝ እንዲኖረው፣ ገጹም ዝናብ ቢዘንብ የማያንሸራትት እንዲሆን አስቀድመው ይዋዋሉ። ከላይ፣ በሩ ፊት ለፊት፣ 1 ሜትር ተኩል ያህል ሜዳ ካልተተወ ዊልቸር ላይ ያለው ሰው በተዳፋቱ ላይ እንዳለ በር ለመክፈት ይታገላል።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ልኬቱ ላይ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ደረጃዎቹን ብቻ ደምሬ ራምፕ አሠራሁ፤ ግቢው ወደ ውጭ ያዘነበለ ስለነበረ ግን የራምፑ እግር ሊያርፍበት የሚገባው መሬት ከጠበቅሁት ዝቅ ብሎ ተገኘና ራምፑ አጠረ። ስለዚህ ረጅም ጣውላ ከበሩ ደፍ ላይ ያስነሡ፣ በውሃ ልክ ያስተካክሉ፣ ከዚያም ራምፑ በሚያርፍበት ቦታ ከጣውላው እስከ መሬት ያለውን ይለኩ። ትክክለኛው ከፍታ እሱ ነው።

አስተናጋጅ፦ ለሦስት ሰው ይህን ያህል ሥራ አስፈላጊ አይመስለኝም። እኛ ሁለት ሐዲድ ያለውን ተጣጣፊ ራምፕ ተከራይተን ዊልቸሮቹን በቀላሉ አስገብተናል፤ ባይሆን እንኳ አራት ጠንካራ ወጣቶች ይሸከሟቸዋል።

መድረክ ሠሪ፦ ሐዲዱ ለአነስተኛ ከፍታና ለባለአራት ጎማ ዊልቸር ይሠራል፤ እዚህ ላይ ልክ ነዎት። ነገር ግን መካከሉ ክፍት ስለሆነ ምርኩዝ የያዘ ሰው ሊረግጠው አይችልም፤ ሦስት ጎማ ያለውም አይሄድበትም። ሸክሙን በተመለከተ፣ የኤሌክትሪክ ዊልቸር ብቻውን፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ ከ100 ኪሎ ግራም ሊበልጥ ይችላል፤ ሲነሣ የሚያዝበትም ቦታ የለውም። የሚከራዩት ራምፕ ላይ የተጻፈውን የክብደት መጠን ከዊልቸሩና ከተቀማጩ ድምር ክብደት ጋር ያነጻጽሩ።

የእናቷ ልጅ፦ እናቴ መታጠቢያ ቤት ደፍ ላይ እየተደናቀፈች ተቸግረናል፤ ይህ ታጣፊ ራምፕ ለዚያ ይሆናል?

መድረክ ሠሪ፦ እናትዎ በእግራቸው የሚሄዱ ከሆነ የሚጠቅማቸው ከግድግዳ ጋር የታሰረ መያዣ እንጂ ራምፕ አይመስለኝም። ጉዳዩ ግን ከዚህ ጥያቄ የተለየ ስለሆነ ለብቻው ቢያቀርቡት ይሻላል።

ድምፅ ቴክኒሺያን፦ ድምፁን በሚመለከት አከራዮች የሚያቀርቡልዎት ትልቅ ስፒከር ከመድረኩ ግራና ቀኝ ማቆም ነው። ይህ ለጭፈራ ይሆናል እንጂ ጆሮው ለደከመ ሰው አይረዳም። ድምፁ ሲጨመር ከፊት የተቀመጡት ይደነቁራሉ፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ ከግድግዳ ተመልሶ የመጣውን ድምፅ ከንግግሩ ጋር ተደባልቆ ይሰማሉ። በእኔ አስተያየት አነስተኛ ስፒከሮች በጎንና በጎን እየተደረደሩ ለአድማጩ ቢቀርቡ፣ መጠናቸውም ዝቅ ቢል፣ ቃላቱ ይበልጥ ይለያሉ። ከመዋዋልዎ በፊት እንዲህ ይፈትኑት፦ አንድ ሰው መድረክ ላይ ሆኖ 20 የሰው ስሞች ያንብብ፣ ሌላው መጨረሻው ረድፍ ተቀምጦ ወደ አንባቢው ሳያይ ይጻፍ። ባዶ አዳራሽ ከሞላ አዳራሽ ይበልጥ ስለሚያስተጋባ ጥቂት ስህተት ቢኖር አያስደነግጥዎ፤ ግማሹ ካመለጠው ግን ሌላ አከራይ ይፈልጉ።

የመስሚያ መሣሪያ ለሚያደርጉ እንግዶች ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው በመቀመጫዎቹ ዙሪያ ሽቦ የሚዘረጋው ኢንዳክሽን ሉፕ ነው፤ መሣሪያቸው ቴሌኮይል የሚባለው፣ የሉፑን ሞገድ የሚቀበል ትንሽ ጥቅል ሽቦ ካለው ንግግሩ በቀጥታ ጆሯቸው ውስጥ ይገባል። ሁሉም መሣሪያ ግን ቴሌኮይል የለውም፤ ወለሉ ውስጥ ብዙ ብረት ካለ ይዳከማል፣ በአቅራቢያው የመብራት ማደብዘዣ ካለ ደግሞ ቴሌኮይሉ የእሱን ሁከት እየሳበ ጆሯቸው ውስጥ ያጉረመርማል። ሁለተኛው የሬዲዮ መቀበያና የጆሮ ማዳመጫ ማደል ነው፤ መስሚያ ለሌለውም ይጠቅማል፣ ነገር ግን ቻርጅ መደረጉንና መመለሱን የሚከታተል ሰው ይፈልጋል።

አስተናጋጅ፦ ሬዲዮው ይሻላል፤ ሉፑን የሚዘረጋ ባለሙያ በቀላሉ አይገኝም።

ድምፅ ቴክኒሺያን፦ ባለሙያው በቅርብ ካልተገኘ እውነት ነው። ብዙ አረጋውያን ግን በሰው ፊት ማዳመጫ ማጥለቅ ያፍራሉ፤ የታደለው ግማሹ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲውል አይቻለሁ።

ዐይነ ሥውሩ አንባቢ፦ ስለ ምልክቶች ማንም አላነሣም። ባነር አከራዮች የሚያብረቀርቅ ወረቀት ሲያቀርቡ አይቀበሉ፤ ዐይናቸው ለደከመ ሰዎች መብራት ሲያርፍበት ጽሑፉ ይጠፋል። ፊደሉ ትልቅ፣ በነጭ ላይ ጥቁር፣ በሰው ራስ የማይሸፈን፣ መንገዱ በሚከፈልበት ስፍራ ሁሉ የቆመ ይሁን። እንደ እኔ ላለው ግን ምልክት ምንም አይደለም፤ በር ላይ ስሙን ተናግሮ «እጄን ይያዙ» የሚል አንድ ሰው ይመደብ። ወንበሮቹም ክንድ ያላቸው ቢሆኑ ለጉልበት ሕመምተኞች መነሣት ይቀላል፤ የዊልቸር ቦታውም ከቤተሰቡ መካከል ወንበር በማንሣት ይዘጋጅ፣ ጥግ ላይ አይወርወር።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ በውሃ ልክ ለካሁ፤ የዋናው በር ከፍታ 45 ሳይሆን 51 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ስላገኘሁት ከ6 ሜትር በላይ ራምፕ ይጠይቃል፣ ያ ደግሞ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ይገባል። ይሁን እንጂ በጎን በኩል የደፉ ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሆነ በር አገኘሁ፤ ችግሩ ሲከፈት 78 ሳንቲ ሜትር ብቻ መስጠቱ ነው።

መድረክ ሠሪ፦ ለ12 ሳንቲ ሜትር 1 ሜትር ከ44 ርዝመት ስለሚበቃ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ታጣፊ ራምፕ ይከራዩ፤ አሠርተው ገንዘብ አያጥፉ። ስፋቱን በተመለከተ፣ የተከፈተው መዝጊያ ራሱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል መተላለፊያውን ያጣብባል፤ አስተዳደሩ ከፈቀደ ለዕለቱ ከማጠፊያው ይነቀልና 82 ያህል ያገኛሉ። ቢሆንም የኤሌክትሪክ ዊልቸሩን ስፋት ከባለቤቱ ይጠይቁ፤ ከበሩ በኋላ ያለው ኮሪደር ላይ መታጠፊያ ካለም ባለቤቱ መጥተው እንዲሞክሩት ቢያደርጉ ጥሩ ነው።

ጠያቂ፦ ኮሪደሩ ቀጥ ያለ ነው፤ ሆኖም ሦስቱን ብቻ በጎን በር ማስገባት ከበደኝ።

ዐይነ ሥውሩ አንባቢ፦ እንግዲያውስ የመቀበያ ጠረጴዛውን ወደዚያው ያዛውሩትና እንግዳው ሁሉ በዚያ በር ይግባ።

ጠያቂ፦ እንደዚያ እናደርጋለን። ድምፁን ግን ገና አልወሰንኩም፤ አባቴ ማዳመጫ በጭራሽ አላጠልቅም ብሏል፣ መስሚያ መሣሪያውም ቴሌኮይል ይኑረው አይኑረው የሰጠውን ባለሙያ ሰኞ ጠይቄ እመለሳለሁ።