የሎጎ ኢንትሮዬ ሲገባ ይጎተታል፣ ሲቆም ደግሞ ዱብ ይላል

ሄለን፦ ሰላም ናችሁ? በአፍተር ኢፌክትስ የ5 ሰከንድ ኢንትሮ እየሠራሁ ነው፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። ሎጎው በግራ በኩል ከስክሪን ውጪ ተነስቶ መሃል ይቆማል። ሦስት የፖዚሽን ኪፍሬም አለው፤ 0፣ 1 ሰከንድ እና 2 ሰከንድ ላይ። ሁሉንም መርጬ F9 ነካሁ። ግን ሲጀምር ይጎተታል፣ መንገድ ላይ ያመነታል፣ መጨረሻ ላይ ዱብ። ምን ላድርግ?

አቤል፦ ራምሽ ስንት ነው? የኔም እንዲህ ሲንቀራፈፍ ነበር፣ ፕሪቪውን ግማሽ ሪዞሉሽን ላይ ሳደርገው ተስተካከለ።

ሄለን፦ ሬንደር አድርጌ በስልክም አየሁት፣ ያው ነው።

ዳዊት፦ 2 ሰከንድ ለአንድ ሎጎ መግቢያ ብዙ ነው። ወደ 20 ፍሬም አሳጥሪው፣ አለቀ።

ጋሽ ሙሌ፦ ዳዊት ማሳጠሩ ልክ ነው፣ ግን እሱን ብቻ ካደረገች ዱብታው ይብስባታል። ሄለንዬ፣ F9 እያንዳንዱ ኪፍሬም ላይ ፍጥነቱን ዜሮ ያደርገዋል፤ ስለዚህ 1 ሰከንድ ላይ ያለው ኪፍሬም ሎጎውን መንገድ ላይ ያቆመዋል ማለት ነው። እሱን አጥፊው። መጀመሪያው የሚጎተተው ደግሞ ቀስ ብሎ የሚነሳበት ጊዜ ከስክሪን ውጪ ስለሚያልቅ ነው፣ ተመልካቹ ባዶ ስክሪን እያየ ይጠብቃል። የመጨረሻውን ኪፍሬም ፍሬም 20 ላይ አምጪው። ከዚያ አንደኛውን መርጠሽ Ctrl+Shift+K በይና Outgoing Velocity ስር ያለውን Influence 10 አድርጊው፤ የመጨረሻው ላይ ደግሞ Incoming Velocity ስር 85። F9 ሁለቱንም 33.33 ነው የሚያደርጋቸው፣ ፍሬን ለመያዝ የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው።

ቤቲ፦ ትንሽ አልፎ ሄዶ ቢመለስስ? እኔ የሰርግ ቪዲዮ ላይ ሁሌ አደርገዋለሁ፣ ሕይወት ይሰጠዋል።

ጋሽ ሙሌ፦ ለሰርግ ይሁን። የባንክ ሎጎ እንደ ኳስ ሲነጥር ግን እኔን ያስቀኛል።

ቤቲ፦ ሃሃ፣ እንደ ደንበኛው ነው እንጂ!

ሄለን፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ሹልክ ብሎ ገብቶ በዝግታ ያርፋል። ግን ፍሬም 20 ላይ ያስቀመጥኩት የ«ዱም» ድምፅ የዘገየ ይመስላል።

ጋሽ ሙሌ፦ ስለዘገየ ነው። በዚህ ከርቭ ሎጎው ፍሬም 12 አካባቢ ላይ ከመንገዱ 90 በመቶውን ጨርሷል፣ የቀረው ዓይን የማይቆጥረው መንፏቀቅ ነው። ድምፁን 12 ላይ አድርጊውና በጆሮሽ አንድ ሁለት ፍሬም ወዲያ ወዲህ በይ። ጽሑፍ ካለውም እዚያው ላይ ይጀምር፣ ሎጎው እስኪቆም አይጠብቅ።

ሄለን፦ 11 ላይ ገጠመ! ጽሑፉን ግን ደንበኛው «ለየብቻ ይግባ» እያለ ነው፣ እንግዲህ ሁለቱንም ልልክለት ነው።