ፓስታ በፔርሙስ እስከ ምሳ ሰዓት ሳይቀዘቅዝና ሳይላቁጥ እንዴት ይቆያል?

የ7 ዓመት ልጄ ለምሳ የሚበላው ያለ ስጎ፣ በትንሽ ዘይት ብቻ የተለወሰ ፓስታ ነው። ሌላ ነገር ከነካው ሳይቀምሰው ይመልሰዋል። ትምህርት ቤቱ ማቀዝቀዣ ስለሌለው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አፈ ሰፊ በሆነ የግማሽ ሊትር የምግብ ፔርሙስ እቋጥርለታለሁ፤ የሚበላው 6 ሰዓት ላይ ነው።

መጀመሪያ ፔርሙሱን በፈላ ውሃ ሞልቼ፣ ክዳኑን ገጥሜ 10 ደቂቃ አቆየዋለሁ። ከዚያ ውሃውን ደፍቼ ትኩሱን ፓስታ ወዲያው እጨምራለሁ። ሆኖም እቤት ውስጥ ሞክሬ በምግብ ቴርሞሜትር ስለካው፣ ከ5 ሰዓት በኋላ 48 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሷል። ከ60 በታች ደግሞ ባክቴሪያ ሊራባ ስለሚችል ይህ ያሳስበኛል።

የሚበላው 200 ግራም ገደማ ብቻ ስለሆነ ፔርሙሱ ግማሹ ባዶ ነው፤ ትንሽ ምግብ ደግሞ ሙቀቱን ቶሎ ይጨርሳል። እስከ አንገቱ ስሞላው 63 ላይ ቆይቷል፣ ግን ፓስታው በራሱ እንፋሎት መብሰሉን ቀጥሎ ላቁጦ ተገኘ። እንዲህ ከሆነ ልጁ አይነካውም። ከተለመደው 2 ደቂቃ ቀድሜ ሳወጣው ጥንካሬው ተሻሻለ፤ እርስ በርሱ መጣበቁ ግን አልቀረም።

የ300 ሚሊ ሊትር ፔርሙስ በ200 ግራም ምግብ ሞልቶ የለካ አለ? ከ5 ሰዓት በኋላ ስንት ዲግሪ ሆነ? ወይስ ሙቀቱን ትቼ፣ ሌሊቱን በፍሪጅ ያደረ ፓስታ ከላይና ከታች በረዶ ባለበት ሙቀት በማያስገባ ቦርሳ ብልክ ይሻላል? ቀዝቅዞ የደረቀውን ፓስታ ያለ ስጎ የሚያለሰልስ ዘዴ ካላችሁም እባካችሁ ጻፉልኝ።